ኮሌስትሮል የሚቀንሱ የስቴሮልና የስታኖል ምግቦች፦ የዳቦ ቅባት፣ የእርጎ መጠጥ ወይስ እንክብል?

በለንደን፣ በፍራንክፈርት ወይም በስቶክሆልም ሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከተራው ማርጋሪንና እርጎ ጎን፣ ኮሌስትሮል እንደሚቀንሱ በግልጽ የተጻፈባቸው ዕቃዎች ተደርድረዋል። ቤኔኮል እና ፍሎራ ፕሮአክቲቭ ከታወቁት ውስጥ ናቸው። ዋጋቸው ከተራው ይወደዳል። በደም ምርመራው ላይ ኤልዲኤል፣ ማለትም መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ከፍ ብሎ የተገኘበት ሰው እዚያ ቆሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ እውነት ይሠራሉ? ከሠሩስ የትኛውን ልግዛ?

የመጀመሪያው መልስ አዎ ነው፤ ግን የሚቀንሱት መጠን የተወሰነ ነው፣ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ። ሁለተኛውን የሚመልሰው የፊት ለፊቱ ማስታወቂያ አይደለም። በጀርባው የተጻፈው የግራም ቁጥርና ዕቃው ከየትኛው ማዕድዎ ጋር ሊሄድ እንደሚችል ነው። ለዚህ ደግሞ አሠራሩን ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አሠራሩን ያወቀ ሰው ገንዘቡን የሚያባክንባቸውን ስህተቶች በራሱ ይደርስባቸዋል።

አንጀት ውስጥ የሚሆነው

የእንስሳ ሕዋስ ኮሌስትሮል እንደሚያስፈልገው ሁሉ የዕፅዋት ሕዋስም የራሱ ተመሳሳይ ነገር አለው፤ እሱም ስቴሮል ይባላል። ስታኖል የሚባለው የዚሁ የስቴሮል ቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም በቅርጻቸው ኮሌስትሮልን በጣም ይመስላሉ። ጥቅማቸውም የሚመጣው ከዚህ መመሳሰል ነው።

ምግብ ስንበላ ሐሞት ወደ ትንሹ አንጀት ይፈስሳል። ቅባትና ኮሌስትሮል በውኃ ስለማይሟሙ፣ ሐሞቱ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ጠብታዎች ጠቅልሎ ወደ አንጀት ግድግዳ ያደርሳቸዋል። በእነዚህ ጠብታዎች ውስጥ ያለው ቦታ ውስን ነው። ስቴሮል በብዛት ከመጣ ቦታውን ይሻማል፣ ቦታ ያጣው ኮሌስትሮልም ከሰገራ ጋር ይወጣል። ስቴሮሉ ራሱ ግን ወደ ደም የሚገባው በጣም በጥቂቱ ነው፤ የአንጀት ሕዋሶች አብዛኛውን መልሰው ወደ አንጀት ይተፉታል። ስታኖል የሚገባው ከዚያም ባነሰ መጠን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። በአንጀት ውስጥ የሚያልፈው ኮሌስትሮል የሚመጣው ከምግብ ብቻ አይደለም። እንዲያውም አብዛኛውን ጉበት ራሱ ከሐሞት ጋር የሚያፈስሰው ነው፤ በቀን አንድ ግራም ገደማ። ከምግብ የሚገኘው የዚህ ሲሶ ቢሆን ነው። ስለዚህ ሁዳዴን በሙሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ያልቀመሰ ሰውም ከስቴሮል ይጠቀማል። «እኔ የጾም ምግብ ነው የምበላው፣ ምን ይከለክልልኛል?» ለሚል መልሱ ይህ ነው፤ የሚከለክለው የራሱ ጉበት ያወጣውን ኮሌስትሮል ተመልሶ እንዳይገባ ነው።

ጉበት የሚመለስለት ኮሌስትሮል ሲያንስበት ኤልዲኤልን ከደም ይስባል፤ በደም ውስጥ ያለው ቁጥርም ይወርዳል። ግን ጉበት ዝም ብሎ አይቀመጥም። የጎደለውን ለማካካስ ራሱ የሚያመርተውን ይጨምራል። ውጤቱ አሥር በመቶ አካባቢ ላይ የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለት ግራም፣ እና ለምን ከተራ ምግብ እንደማይገኝ

የሚያስፈልገው መጠን በቀን 2 ግራም ገደማ ስቴሮል ወይም ስታኖል ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በቀን ከ1.5 እስከ 2.4 ግራም የሚወስድ ሰው ኤልዲኤሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ2.5 እስከ 3 ግራም ደግሞ ከ10 እስከ 12.5 በመቶ። ለውጡ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። ከ3 ግራም በላይ መውሰድ አይመከርም፣ የሚጨምረው ጥቅምም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከ1.5 በታች የሚወስድ ሰው ገንዘብ እየከፈለ ሙሉውን ጥቅም አያገኝም፤ በተግባር በብዛት የሚያጋጥመውም ይኸኛው ስህተት ነው፣ ማብዛቱ አይደለም።

ስቴሮል በሁሉም የእህል፣ የጥራጥሬና የቅባት እህል ምግብ ውስጥ አለ። አንድ ሰው ከተለመደ አመጋገብ በቀን የሚያገኘው ግን ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ነው። ከምናውቃቸው ምግቦች ሰሊጥ ባለጸጋ ነው፤ መቶ ግራም ሰሊጥ 400 ሚሊግራም ያህል ስቴሮል ይዟል። እንግዲህ 2 ግራም ከሰሊጥ ለማግኘት ግማሽ ኪሎ መብላት ሊኖርብዎ ነው፤ ይህም ከ2,800 ካሎሪ በላይ ነው፣ የአንድ ቀን ምግብ አልፎ ይተርፋል። ሰሊጥ፣ ሱፍና ምስር ለልብ መልካም ምግቦች ናቸው፤ የስቴሮልን ሥራ በሁለት ግራም መጠን ይሠራሉ ማለት ግን አይቻልም። የበለጸጉት ምግቦች የተፈጠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ስቴሮል በዱቄት መልክ ነበር የሚሰጠው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ እንደ መድኃኒት ተሽጧል። ጠጣር ዱቄት በአንጀት ውስጥ በደንብ ስለማይበተን ግን ሰዎች ብዙ ግራም መዋጥ ነበረባቸው። ለውጡ የመጣው ከፊንላንድ ነው። ስታኖሉን ከዘይት ጋር በኬሚካል በማያያዝ በቅባት ውስጥ እንዲሟሟ አደረጉት፤ ራይሲዮ የተባለው ኩባንያም በ1995 (እ.ኤ.አ.) ቤኔኮል ማርጋሪንን ገበያ ላይ አዋለ። በዚያው ዓመት በሰሜን ካሬሊያ በ153 ሰዎች ላይ ለአንድ ዓመት የተደረገው ጥናት ታተመ፤ ማርጋሪኑን የበሉት ሰዎች ኤልዲኤል 14 በመቶ ያህል ወርዶ ነበር። በኋላ የተደረጉትን በርካታ ጥናቶች አንድ ላይ ስናይ አማካዩ ከዚያ ዝቅ ያለ ነው። ከላይ የሰፈሩትን ቁጥሮች ይዘን እንቀጥል።

መለያውን ማንበብ

በእንግሊዝኛ «ፕላንት ስቴሮልስ» ወይም «ፕላንት ስታኖልስ» የሚለውን ይፈልጉ፤ በጀርመንኛ «ፕፍላንሰንሽቴሪነ»፣ በስዊድንኛ «ቬክስትስቴሮሌር» ይላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕጉ በመቶ ግራም ውስጥ ያለውን ንጹህ ስቴሮል ወይም ስታኖል እንዲጻፍ ያስገድዳል። የሚያስፈልግዎ ቁጥር ይህ ነው።

«ንጹህ» የሚለው ቃል ትርጉም አለው። ከዘይት ጋር የተያያዘው ዓይነት ኤስተር ይባላል፤ 1.7 ግራም ኤስተር ውስጥ ያለው ንጹህ ስቴሮል 1 ግራም ያህል ነው። ኤስተሩን የሚቆጥር መለያ ቢያጋጥምዎ፣ ለምሳሌ በአንዳንድ የአሜሪካ ምርቶችና እንክብሎች ላይ፣ 2 ግራም ለማግኘት የሚያስፈልገው 3.4 ግራም ኤስተር ነው። ኤስተር 2 ግራም አይቶ «ሞላልኝ» ያለ ሰው በእውነት የወሰደው 1.2 ገደማ ነው።

ስቴሮል ይሻላል ወይስ ስታኖል? በሁለት ግራም መጠን በመካከላቸው ለገዢ የሚሆን ልዩነት የለም። በዋጋ ይምረጡ።

ሦስቱ አማራጮች

የዳቦ ቅባቱ ዋና ጥንካሬው ከምግብ ጋር የሚበላ መሆኑ ነው፤ ማንም ሰው ማርጋሪን ብቻውን በማንኪያ አይበላም። በመቶ ግራም 7.5 ግራም ስቴሮል ያለውን ዓይነት እንውሰድ። 2 ግራም ለማግኘት 27 ግራም ያስፈልጋል፤ ይህም በሻይ ማንኪያ አምስት ተኩል ያህል ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ጠዋት አንድ ቁራጭ ዳቦ ላይ ስስ አድርጎ የሚቀባ ሰው የሚጠቀመው 5 ወይም 7 ግራም ነው፤ ከስቴሮሉ ያገኘው ግማሽ ግራም ቢሆን ነው። ከሦስት ወር በኋላ ተመርምሮ «ምንም አልሠራም» ይላል፤ አልተሳሳተም፣ ግን የወሰደው ሩብ መጠን ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት በኩሽና ሚዛን ይመዝኑ። ሚዛን ከሌለ ሌላ መንገድ አለ፦ 250 ግራም የሚይዝ ዕቃ በትክክል ሲወሰድ ለአንድ ሰው ዘጠኝ ቀን ነው የሚበቃው። ወር የሚቆይልዎ ከሆነ መጠኑን እየወሰዱ አይደለም።

ለእኛ ምግብ ዳቦ ብቻ መሆን የለበትም። ቅንጬ፣ ጨጨብሳና ገንፎ ላይ ቅቤ የሚገባበት ቦታ ላይ ይህ ቅባት ይገባል። ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨምሩት። በተለይ ቀለል ያለ ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ከግማሽ በላይ ውኃ ስለሆነ ሽንኩርት ለመጥበስ አይሆንም፤ ይፈናጠራል፣ መጥበሻውም ላይ ይቃጠላል። ሽሮ ወይም ምስር ወጥ ላይም ወጥቶ ሳህን ላይ ከቀረበ በኋላ ማዋሃድ ይቻላል። በጋራ ትሪ ከተበላ ግን መጠኑ ለማን እንደደረሰ አይታወቅም፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው ለብቻው የሚቀርበው ምግብ ላይ ማድረግ ይሻላል። ይህ ምክር ከማዕድ ባህላችን ጋር እንደሚጋጭ እናውቃለን። ሆኖም ትሪው ላይ ልጆችም ነፍሰ ጡርም ሊኖሩ ይችላሉ፣ ይህ ደግሞ ለእነሱ የሚሆን ምግብ አይደለም።

የእርጎ መጠጡ ትንሽ ጠርሙስ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ አንዱ ጠርሙስ ሙሉውን 2 ግራም ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ይይዛል፤ መጠኑን መለያው ላይ ያረጋግጡ። መመዘን የለም፣ መርሳትም ያንሳል። መጠኑን በትክክል ከመውሰድ አንጻር ከሦስቱ የምንመርጠው ይህንን ነው። ድክመቱ ሰዓቱ ላይ ነው። ጠርሙሱ ትንሽ ስለሆነ ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ጠጥቶት ወደ ሥራ ይሮጣል። በባዶ ሆድ ደግሞ ሐሞት በደንብ አይፈስስም፤ ስቴሮሉ ቦታ የሚሻማባቸው ጠብታዎች አልተፈጠሩም ማለት ነው። በኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በተደረገ ንጽጽር አንድ ጠርሙስ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ኤልዲኤልን 9 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ያው ጠርሙስ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን የቀነሰው ከ5 እስከ 7 በመቶ ነው። ዋጋው አንድ፣ ይዘቱ አንድ፣ ልዩነቱ የሰዓት ብቻ። ስለዚህ ከምሳ ወይም ከራት ጋር፣ ከቀኑ ትልቁ ማዕድ ላይ ይጠጡት። በቀን አንዴ መውሰድ በቂ ነው።

እንክብሉን የምናስቀምጠው ሦስተኛ ላይ ነው። አንድ ፍሬ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከግማሽ ግራም ብዙም የማይርቅ መጠን ነው፤ ስለዚህ በቀን ሦስት ወይም አራት፣ ከምግብ ጋር ተከፍሎ መዋጥ ያስፈልጋል። «በቀን አንድ» ብሎ የሚሸጥ እንክብል ካዩ ጀርባውን ያንብቡና ይተዉት። ጥሩ ጎኑ ማቀዝቀዣ አለመፈለጉና ወተት የሌለበት መሆኑ ነው። ከውጭ ሆነው ለወላጆቻቸው መላክ የሚፈልጉ ሰዎች ቅባቱንና እርጎውን በሻንጣ ማጓጓዝ ስለማይችሉ ወደ እንክብል ያዘነብላሉ። ከመላክዎ በፊት ግን ወላጆችዎ የተመረመሩበትን ወረቀትና የሚወስዱትን መድኃኒት ይጠይቁ፤ በአብዛኛው ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ዋጋን ለማነጻጸር የዕቃውን ዋጋ አይመልከቱ፣ የአንድ ግራም ስቴሮልን ዋጋ ያስሉ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ 250 ግራም ቅባት 4 ዩሮ ቢሆን፣ በውስጡ 18.75 ግራም ስቴሮል አለ፤ አንዱ ግራም 21 ሳንቲም ነው፣ የቀኑም 43 ሳንቲም። ስድስት ጠርሙስ እርጎ 4 ዩሮ ቢሆንና እያንዳንዱ 2 ግራም ቢይዝ፣ የቀኑ ወጪ 67 ሳንቲም ይሆናል። በዓመት ልዩነቱ ወደ 90 ዩሮ ይጠጋል። መውሰድዎን ሲያቆሙ ኤልዲኤሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደነበረበት ስለሚመለስ፣ የዓመቱን ወጪ አስቦ መጀመር ተገቢ ነው።

ጾም ላይ

የእርጎ መጠጡ ወተት ነው፣ በጾም አይሆንም። የኦርቶዶክስ አጽዋማትን በሙሉ የሚጾም ሰው ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን በጾም ስለሚያሳልፍ፣ በእርጎ ብቻ የጀመረ ሰው በዓመቱ ግማሽ ያለ ስቴሮል ይቆያል። የዳቦ ቅባቶቹም ሁሉም ጾም አይደሉም፤ ከአትክልት ዘይት የተሠሩ ቢሆኑም አንዳንዶቹ ላይ የወተት ዱቄት ወይም አሬራ ይገባል። በአውሮፓ መለያዎች ላይ አለርጂ የሚያመጡ ነገሮች በደማቅ ፊደል ስለሚጻፉ፣ በንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ውስጥ «ሚልክ» የሚለው ቃል ደምቆ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ወተት የሌለበት ካገኙ ለፍስክም ለጾምም አንዱ ይበቃል።

ሰዓቱ ደግሞ በራሱ ይስተካከላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጾሙን ሲፈታ በሚበላው ሙሉ ማዕድ ላይ የቀኑን መጠን አንድ ጊዜ ቢወስድ ምንም አይጎድልበትም። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ኮሸር ለሚጠብቁ ቤተ እስራኤላውያን አለ፤ ምሳው ሥጋ ከሆነ የእርጎ መጠጡ አብሮ ስለማይሄድ፣ ወተት የሌለበትን ቅባት ወይም እንክብሉን መያዝ፣ አለዚያም እርጎውን ለወተት ማዕድ ማቆየት ነው።

በቁጥር ሲታይ

አንዲት የ54 ዓመት ሴት ስቶክሆልም ትኖራለች እንበል። ኤልዲኤሏ 4.0 ሚሊሞል ነው፤ አዲስ አበባ በምንጠቀምበት መለኪያ 155 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት ነው። (ሚሊሞሉን በ38.7 ያባዙ።) ስኳርም ግፊትም የለባትም፣ አታጨስም፣ ሐኪሟ መድኃኒት አሁን አያስፈልግም ብሏታል። ጠዋት ቅንጬ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ትበላለች፣ ማታ ዳቦ በሻይ።

የእርጎ መጠጡን ከራቷ ጋር ብትጨምርና ሌላውን እንዳለ ብትተው፣ 155 በ9 በመቶ ይቀንስና ወደ 141 ይወርዳል። ቅባቱን ብትመርጥ ግን ሌላ ነገር ይከተላል፦ 15 ግራሙ የቅንጬው ቅቤ ቦታ ይገባል፣ 12 ግራሙ የማታው ዳቦ ላይ። የሾርባ ማንኪያው ንጥር ቅቤ 9 ግራም ገደማ የረጋ ቅባት አለው፤ ይህ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የጠቅላላው 4 በመቶ ነው። የረጋ ቅባት በአትክልት ዘይት ሲተካ፣ በእያንዳንዱ አንድ በመቶ ኤልዲኤል ወደ 2 ሚሊግራም ይቀንሳል። ማርጋሪኑ ራሱ የተወሰነ የረጋ ቅባት ስላለው ቀንሰን እንያዝ፤ 6 ወይም 7 ሚሊግራም ከዚህ ይመጣል። ከዚያ ላይ የስቴሮሉ 9 በመቶ ሲታከል 135 አካባቢ ትደርሳለች፣ በፍስክ ቀናት ማለት ነው። በጾም ቀን ቅቤው አስቀድሞም ስላልነበረ የሚቀረው የስቴሮሉ ድርሻ ብቻ ነው። ለእሷ ቅባቱ ይሻላል፤ የሚበልጠው በስቴሮሉ ሳይሆን በተካው ነገር ነው። ቅቤ በማይበላ ሰው ቤት ግን ይህ ብልጫ የለም፣ እንዲያውም ቅባቱ ተጨማሪ ካሎሪ ይሆናል።

ሁለተኛው ሰው 61 ዓመቱ ነው፤ የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ፣ ክፍት አድርጎ የሚይዝ ስቴንት የሚባል ትንሽ ቱቦ ገብቶለታል። ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም ይወስዳል፣ ኤልዲኤሉ 100 ነው። በአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ለእሱ የሚፈለገው ከ55 በታች ነው። ስቴሮል በስታቲን ላይ ተጨምሮም ይሠራል፤ ስታቲን ጉበት የሚያመርተውን ስለሚቀንስ፣ ስቴሮል ደግሞ አንጀት የሚያስገባውን ስለሚከለክል አይጋጩም። 100 ወደ 91 ይወርዳል። ይህ የስታቲኑን መጠን እጥፍ ከማድረግ እንኳ ይበልጣል፤ ስታቲን እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው ቅናሽ 6 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን ከ91 እስከ 55 ያለው መንገድ በማርጋሪን አይሸፈንም። ኤዜቲማይብ የሚባለው እንክብል ብቻውን ወደ 20 በመቶ ይቀንስለታል። ለዚህ ሰው ስቴሮል ሐኪሙ መድኃኒቱን ካስተካከለ በኋላ የሚጨመር ትንሽ ድጋፍ ነው፤ በመድኃኒቱ ቦታ ከገባ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ስታቲን «ጉበቴን ጎዳኝ፣ ጡንቻዬን አመመኝ» ብለው ትተው ይህን እርጎ የሚጀምሩ ሰዎች አሉ፤ 40 ወይም 50 በመቶ የሚቀንሰውን በ9 በመቶ እየለወጡ ነው። ሕመሙ እውነት ከሆነ ለሐኪም መንገር ነው፣ ሌላ ስታቲን ወይም ሌላ መጠን አለ።

ለማን ይሆናል፣ ለማን አይሆንም

የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበርና የአተሮስክለሮሲስ ማኅበር በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት መመሪያ ሦስት ዓይነት ሰዎችን ይጠቅሳል። ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ ለመድኃኒት ያልደረሱ፤ ስታቲን እየወሰዱ ግባቸው ላይ ያልደረሱ ወይም ስታቲን መውሰድ የማይችሉ፤ እና በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ያለባቸው አዋቂዎችና ከ6 ዓመት በላይ ልጆች። መነሻው ከፍ ያለ ሰው በቁጥር የሚያተርፈው ይበልጣል፦ ከ190 ላይ 9 በመቶ 17 ነው፣ ከ110 ላይ 10 ብቻ።

ኤልዲኤሉ ደህና የሆነ ሰው አያስፈልገውም። ሌላው የደም ቅባት፣ ትራይግሊሰራይዱ፣ ብቻ ከፍ ያለበት ሰውም መፍትሔው ሌላ ቦታ ነው፤ ስቴሮል ትራይግሊሰራይድን እምብዛም አይነካም። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ከ5 ዓመት በታች ልጅ እንዳይወስዱ መለያው ራሱ ይናገራል። በፍጹም የተከለከለው ደግሞ ሲቶስቴሮለሚያ የሚባል ብርቅ የዘር በሽታ ላለበት ሰው ነው። የእሱ አንጀት ስቴሮልን መልሶ መትፋት አይችልም፣ ስቴሮሉ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ የደም ሥሩም በልጅነት ይጠባል። ጅማትና ቆዳ ላይ ቢጫ የቅባት እብጠት ያለበት ልጅ ከሐኪም ምርመራ በፊት ይህን ምግብ ፈጽሞ አይጀምር።

አንድ ነገር ሳይደበቅ መነገር አለበት፦ ስቴሮል ድንገተኛ የልብ ሕመምን ወይም ስትሮክን ቁጥር መቀነሱን በቀጥታ የለካ ትልቅ ጥናት የለም። የምናውቀው ኤልዲኤልን እንደሚቀንስ ነው፤ ኤልዲኤል በመድኃኒት ሲቀንስ ልብ እንደሚጠበቅ ደግሞ በሚገባ ተረጋግጧል። ከዚህ ተነስቶ ይጠቅማል ማለት ይቻላል፤ መድኃኒት ካለው ማስረጃ ጋር እኩል አድርጎ ማየት ግን አይቻልም።

የጎንዮሽ ችግሩ ቀላል ነው። ስቴሮል ከኮሌስትሮል ጋር ቤታ ካሮቲንንም በመጠኑ ይከለክላል። በቀን አንድ ተጨማሪ ድርሻ ካሮት፣ ዱባ ወይም ጎመን ይህን ይሸፍናል፤ ጾመኛ ቤት ውስጥ ይህ ከባድ አይደለም።

መሥራቱን ማወቅ

ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ተመርምሮ፣ ወር ወስዶ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ይመረመራል። የአንድ ሰው ኤልዲኤል ግን ምንም ሳይለወጥ ከቀን ቀን 7 ወይም 8 በመቶ ሊወዛወዝ ይችላል። የምንፈልገው ለውጥ 9 በመቶ ነው። ስለዚህ ከአንድ ጥንድ ምርመራ «ሠራ» ወይም «አልሠራም» ማለት ግምት ነው። ከመጀመርዎ በፊት በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላም እንዲሁ ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ላቦራቶሪ ይመርመሩና አማካዮቹን ያነጻጽሩ። በመካከል ሌላ ትልቅ ለውጥ አያድርጉ። በተለይ ፋሲካ በመካከል ከገባ ንጽጽሩ ይበላሻል፤ የመጀመሪያው ምርመራ በሁዳዴ መጨረሻ፣ ሁለተኛው ከዶሮና ከቅቤ ሳምንታት በኋላ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፣ ስቴሮሉ ሥራውን እየሠራም ቢሆን።

አማካዩ የወረደው ከ5 በመቶ ባነሰ ከሆነ መጀመሪያ መጠኑን ይመርምሩ፦ ዕቃው ስንት ቀን ቆየ? ከየትኛው ማዕድ ጋር ነበር? መለያው ላይ ያነበቡት ኤስተሩን ነበር ወይስ ንጹሁን? እነዚህ ሁሉ ትክክል ሆነውም ካልወረደ፣ ሰውነትዎ ኮሌስትሮልን ከአንጀት በመሳብ ሳይሆን በጉበት በማምረት የሚያመዝን ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ከስቴሮል የሚያገኘው ትንሽ ነው። ያን ጊዜ መግዛቱን ያቁሙና አራቱንም የምርመራ ወረቀቶች ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ።